ዙር ቆጥረን ልጅ አናሸማቅቅ፦ ስለ ቢፕ ቴስትና ሲት ኤንድ ሪች ግልጽ ደብዳቤ

በወሎ ለምትገኙ የዞንና የወረዳ ትምህርት ጽ/ቤቶች፣ ለርዕሳነ መምህራን፣ በተለይ ደግሞ ፊሽካ አንገታችሁ ላይ አንጠልጥላችሁ ሜዳ ለምትውሉ የስፖርት መምህራን

ሰላም ለናንተ ይሁን፣ አሰላሙ ዓለይኩም። እኔ ደሴ ዙሪያ የማስተምር የስፖርት አስተማሪ ነኝ። ይሄን የምጽፈው ዘንድሮም እንደየአመቱ የፊትነስ ቴስት ሰሞን ሊመጣ ስለሆነ ነው፣ ጓደኞቼም ስልክ እየደወሉ "የቱን ቴስት ልስራ፣ ኖርሙን ከየት ላምጣ፣ ከ10 ስንት ልስጠው" እያሉ ይጠይቁኛል። ስለ ሁሉም ቴስት አላወራም። ሁላችንም የምንሰራቸውን ሁለቱን ብቻ ነው የማነሳው፣ ሻትል ራንን (ልጆቹ ቢፕ ቴስት የሚሉትን) እና ሲት ኤንድ ሪችን። አብዛኛው ወሬዬ ግን ስለ ሻትል ራን ነው፣ ምክንያቱም ልጅ የሚሰበረው እዛ ላይ ነው።

ከአንዲት ልጅ ልጀምር። ከጥቂት አመታት በፊት 58 ተማሪ ያለበት የ7ኛ ክፍል ነበረኝ፣ ሻትል ራን አሰራኋቸውና ውጤቱን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በደረጃ ጽፌ ክፍሉ በር ላይ ለጠፍኩት። ያኔ ልጆቹን የማነሳሳ መስሎኝ ነበር። የመጨረሻዋ ልጅ 11 ዙር ነበረች። በማግስቱ ክፍል ስገባ ስሟ ቀርቶ "አስራ አንድ" ሆኗል፣ "አስራ አንድ ደብተርሽን አምጪ"፣ "አስራ አንድ ወደዛ ጠጋ በይ"። ከዛ በኋላ ስፖርት ባለ ቁጥር "ቲቸር ሆዴን አሞኛል" እያለች ግድግዳ ስር ትቀመጣለች፣ እናቷ ጋ ሄጄ እስካነጋግር ድረስ ሁለት ወር ሙሉ ሜዳ አልወጣችም። እናቷ ያለችኝ "ጋሼ፣ ልጄ እቤት ውሃ ስትቀዳ ዳገቱን ከኔ ቀድማ ነው የምትወጣው፣ እናንተ ጋ ምን ሆና ነው?" ነው። መልስ አልነበረኝም። እቤቴ ገብቼ ያቺን 11 ቁጥር ፈታትቼ ማየት የጀመርኩት ያኔ ነው፣ እውነት ይሄ ቁጥር የዚች ልጅ ልብና ሳንባ ነው ወይስ የኔ አሰራር?

መጀመሪያ ቴስቱ እንዴት እንደሚሰራ ላስታውስ፣ የማታውቁት ወላጆችም እንድትከታተሉኝ። በ20 ሜትር ርቀት ሁለት መስመር ይሰመራል፣ ልጆቹ ከአንዱ ወደ አንዱ ይመላለሳሉ፣ ከመስመር እስከ መስመር አንዴ መሄድ አንድ ዙር ነው፣ ፍጥነቱን የሚወስነው ከስፒከር የሚወጣው ቢፕ ነው። ቴስቱን ካናዳ ሞንትሪያል ውስጥ ሉክ ሌዤ የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ነው ያወጣው፣ አሁን የምንጠቀምበት የአንድ ደቂቃ ሌቭል ያለው በ1988 እ.ኤ.አ. የታተመው ነው። ሌቭል 1 በሰአት 8.5 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከዛ በየደቂቃው ግማሽ ኪሎ ሜትር ይጨምራል። ሌቭል 1 ላይ 7 ዙር አለ፣ ሌቭል 2፣ 3 እና 4 ላይ ስምንት ስምንት። ስለዚህ የኔ ልጅ 11 ዙር ስትል ሌቭል 1ን ጨርሳ ሌቭል 2 ላይ አራተኛው ላይ ቆማለች ማለት ነው፣ በጠቅላላ 220 ሜትር። ውሃ ተሸክማ ዳገት የምትወጣ ልጅ 220 ሜትር ሮጣ ልቧ አለቀ ቢባል ማን ያምናል? እኔ ግን አምኜ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሜትር ተውሼ ሜዳ ወረድኩ። መስመሩን ያሰመርኩት በእርምጃ ነበር፣ 20 ትልልቅ እርምጃ ቆጥሬ ኖራ በትኜ። በሜትር ስለካው 21 ሜትር ሆኖ አገኘሁት። አንድ ሜትር ምን ታመጣለች ትሉ ይሆናል፣ እኔም ብዬ ነበር፣ ግን አስሉት። ስፒከሩ 20 ሜትር መስሎት ነው ቢፕ የሚለው፣ ልጅቷ ደግሞ በዛው ሰከንድ 21 ሜትር መሄድ አለባት፣ ማለትም ከመቶ 5 ፈጥና መሮጥ አለባት። ሌቭል 2 በሰአት 9 ኪሎ ሜትር ነው፣ በኔ ሜዳ ግን 9.45 ሆኗል፣ ይሄ ሌቭል 3 ማለት ነው ማለት ይቻላል። ወደ ላይ በሄድን ቁጥር ይብሳል፣ ሌቭል 5 ላይ ያለ ልጅ የሚሮጠው በሌቭል 6 ፍጥነት ነው። አንድ ሜትር አንድ ሙሉ ሌቭል በላች። ጎረቤት ትምህርት ቤት ያለው ጓደኛዬ ደግሞ አጭር እርምጃ ቢኖረውና 19 ሜትር ቢያሰምር የሱ ተማሪዎች ያለ ምንም ልፋት ከኔ ልጆች ሁለት ሌቭል ገደማ ይበልጣሉ፣ ከዛ ወረዳ ላይ "እነ እገሌ ጋ ስፖርት ይሰራል" ይባላል።

ሌላው የሜዳው መዝመም ነው። ወሎ ውስጥ ከቆላው ሜዳ ካልሆነ በቀር ለጥ ያለ ሜዳ ያለው ትምህርት ቤት ብርቅ ነው፣ የኔውም ወደ ወንዙ ያዘነበለ ነው። መስመሩን ወደ ቁልቁለቱ አድርጌ ስለነበር ልጆቹ አንዱን ዙር ሲንደረደሩ ሌላውን ዳገት ይወጣሉ። ቁልቁል ስትሮጥ ያተረፍከው ዳገቱ ላይ የከፈልከውን አይመልስም፣ መዞሪያውም ላይ ያንሸራትታል። መፍትሄው ቀላል ነው፣ መስመሩን ዳገቱን አቋርጦ አግድም ማስመር ነው።

ከዛ ደግሞ እሷን ራሷን ጠየቅኳት፣ ብቻዋን ቢሮ ጠርቼ ሳይሆን ከእናቷ ጋር በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን። ሶስት ነገር ነገረችኝ። የተጫማችው ኮንጎ ነበር፣ መስመሩ ላይ ስትዞር እግሯ ውስጡ ይሽከረከራል። ሁለተኛ፣ ቀኑ የሮመዳን ጾም ነበር፣ ሱሁር ከበላች በኋላ ውሃ አልቀመሰችም፣ እኔ ያሰራኋቸው ደግሞ ሰባተኛ ፔሬድ ላይ ነው። ሶስተኛ፣ መጀመሪያ ላይ ቢፑን መጠበቅ እንዳለባት አልገባትም፣ "ሩጡ" ሲባል ተፈትልካ ወጣች፣ መስመሩ ጋ ቀድማ ደርሳ ቆማ ትጠብቃለች፣ እንደገና ትፈተለካለች። ይሄ የመጨረሻው በጣም የተለመደ ነው፣ ሌቭል 1 ለመሮጥ እንኳ የሚያሳፍር ቀርፋፋ ፍጥነት ስለሆነ ልጆቹ ታግሰው አይሄዱትም። 20 ሜትሩን በስምንት ሰከንድ ተኩል እንዲሄዱት ነው የሚፈለገው፣ እሷ በአምስት ሰከንድ እየደረሰች ነው ትንፋሿን የጨረሰችው።

እንግዲህ ጾሙ ካለፈ በኋላ በትክክለኛ 20 ሜትር፣ አግድም፣ ጠዋት ሁለተኛ ፔሬድ ላይ፣ የእህቷን ሸራ ጫማ አድርጋ፣ አንድ ቀን ልምምድ ካደረግን በኋላ ደግማ ሮጠች። 21 ዙር። ከ11 ወደ 21። በመሀል ምንም ስልጠና አልወሰደችም፣ እንዲያውም ሁለት ወር ግድግዳ ስር ነበር የተቀመጠችው። የተቀየረው የኔ አሰራር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ትርጉሙ ልምጣ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ዙሩን ወስደን ከኢንተርኔት ያወረድነው ሰንጠረዥ ውስጥ ከተን "ደካማ" "መካከለኛ" "በጣም ጥሩ" እንላለን። ከዙሩ ተነስቶ የልጁ ሰውነት በደቂቃ በአንድ ኪሎ ክብደት ስንት ሚሊ ሊትር ኦክስጅን መጠቀም እንደሚችል የሚገመትበት የሌዤ ቀመር ይሄ ነው፣ ከ8 እስከ 19 አመት ላሉ ልጆች፦

```
31.025 + 3.238 × ፍጥነት − 3.248 × ዕድሜ + 0.1536 × ፍጥነት × ዕድሜ
```

ፍጥነት ማለት የጨረሰችው የመጨረሻ ሌቭል ፍጥነት ነው። ልጅቷ በሮስተሩ ላይ 13 አመት ትላለች። በመጀመሪያው ቀን ሌቭል 1ን ብቻ ስለጨረሰች 8.5 እናስገባለን፣ የሚወጣው 33.3 ነው። በሁለተኛው ቀን ሌቭል 2ን ጨርሳለች፣ 9 እናስገባለን፣ 35.9 ይሆናል። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ስራ ለሴት ልጆች 35ን፣ ለወንዶች 42ን እንደ ጤና መስመር ያስቀምጣል፣ ከዚህ በታች የሆኑት ወደፊት ለልብና ደም ስር ችግር የመጋለጥ ምልክት በብዛት ታይቶባቸዋል ለማለት ነው። አያችሁት? በኮንጎ ጫማና በ21 ሜትር "አደጋ ላይ ያለች" የተባለችው ልጅ በሸራ ጫማና በ20 ሜትር ጤነኛ ሆነች። እኔ መጀመሪያ የለጠፍኩት ወረቀት ላይ ይሄ ሁሉ የለም፣ 11 የሚል ብቻ ነው ያለው።

ገና አላለቀም። እናቷን ስለ እድሜዋ ስጠይቃት "ከዛኛው ክረምት በፊት ነው የተወለደችው፣ ትምህርት ዘግይታ ነው የጀመረችው፣ 14 ወይ 15 ይሆናታል" አለችኝ። ይሄ የኛ አገር እውነት ነው፣ የልደት ሰርተፍኬት ያለው ልጅ ጥቂት ነው፣ አንድ 7ኛ ክፍል ውስጥ የ12 አመትና የ17 አመት ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። ቀመሩ ውስጥ 13 የሚለውን 15 ብታደርጉት ያው 21 ዙር፣ ያው ልጅ፣ ያው ቀን 35.9 የነበረው 32.2 ይሆናል። ማለትም መስመሩን ማለፍና አለማለፏን የወሰነው ልቧ ሳይሆን መዝጋቢው የጻፈው እድሜ ነው። ስለዚህ እድሜው በትክክል የማይታወቅ ልጅ ላይ ይሄን ቀመር ሰርቶ "ከመስመር በታች ነህ" ማለት በደል ነው፣ ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

ሶስተኛው ነገር አየሩ ነው። ሞንትሪያል ከባህር ወለል ብዙም ከፍ ያለች ከተማ አይደለችም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ነች፣ እዚህ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ከባህር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም እንደዛው። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ልጅ ሰውነቱ ለምዶታል፣ ቢሆንም ቀመሩ ከፍታ የሚባል ነገር የሚገባበት ቦታ የለውም፣ ዝቅ ባለ አገር ልጆች ላይ የተሰራ ሰንጠረዥም እንደዚሁ። ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ነው። ስለዚህ በመኪና ግማሽ ሰአት ገደማ በሚራራቁ የደሴና የኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች መሀል እንኳ ውድድር የሚመስል ንጽጽር ማውጣት ልክ አይደለም፣ ደላንታ ደጋውንና ባቲ ቆላውንማ ጭራሽ አንድ ሰንጠረዥ ላይ ማስቀመጥ አይሞከርም፣ አንዱ ጋ ብርዱና ከፍታው፣ ሌላው ጋ ሙቀቱ ውጤቱን ይጎትተዋል።

"ታዲያ ቴስቱ ምን ይሰራል፣ እንተወው?" ትሉኝ ይሆናል። አይ፣ እኔ ሻትል ራንን አልተውም፣ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ የልብና የሳንባን ጉልበት ለመገመት ከዚህ የተሻለ ርካሽ ነገር የለም፣ ሜትር፣ አራት ኮን፣ ስልክና የሚኒሚዲያው ስፒከር ብቻ ነው የሚፈልገው። የምተወው ልጅን ከልጅ ማወዳደሩን ነው። ቴስቱ ጥሩ የሚሆነው አንድን ልጅ ከራሱ ጋር ስናወዳድር ነው፣ ጥቅምት ላይ 21፣ ሚያዝያ ላይ 27 ብትሮጥ፣ ሜዳው ያው፣ ድምጹ ያው፣ ሰአቱ ያው ከሆነ፣ የሆነ ነገር ተሻሽሏል። ከ21 ወደ 23 ከሆነ ግን ምንም አትበሉ፣ ሁለትና ሶስት ዙር ቀኑ ብቻ ሊያመጣው ይችላል፣ እንቅልፍ፣ ቁርስ፣ የወር አበባ፣ ጉንፋን። ከ21 ወደ 19 ቢወርድም እንደዛው፣ "ቀነስሽ" አይባልም። የመጀመሪያውን ቀን ውጤት ደግሞ ጭራሽ አትመዝግቡት፣ ልምምድ ነው ተብሎ ይሩጡት፣ ፍጥነቱን ይልመዱት፣ የሚመዘገበው የሁለተኛው ቀን ነው። ይሄን ካላደረጋችሁ ሚያዝያ ላይ የምታዩት "መሻሻል" ልጆቹ ቢፑን መልመዳቸው ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

አሁን ሜዳው ላይ ስለሚሆነው። የዚህ ቴስት ክፉ ጎኑ ቀድሞ የሚያቆመው ልጅ ለሁሉም ሰው መታየቱ ነው። 58 ልጅ አንድ ላይ ካስሮጥክ መጀመሪያ የወጣው ልጅ ከ57 ጓደኞቹ ፊት ብቻውን ወጥቶ ይቀመጣል፣ ከዛ ሁሉም እስኪጨርስ ይጠብቃል። ብዙ ልጆች፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ይሄን ስለሚፈሩ አቅማቸው ሳያልቅ ከጓደኛቸው ጋር ተያይዘው ነው የሚያቆሙት፣ ሁለት ሶስት ሆነው እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲወጡ ካያችሁ ውጤቱ የአቅም ሳይሆን የመጠቃቀስ ውጤት ነው።

እኔ አሁን የምሰራው እንዲህ ነው። ክፍሉን አስራ ሁለት አስራ ሁለት አድርጌ እከፍለዋለሁ፣ ስድስቱ ይሮጣሉ፣ ስድስቱ እያንዳንዳቸው የአንድ ሯጭ ዙር ይቆጥራሉ። ቆጣሪውን የሚመርጠው ሯጩ ራሱ ነው፣ እኔ አልመድብም። የቀሩት ከኔ ጀርባ ኳስ ይጫወታሉ ወይ ገመድ ይዘላሉ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ተመልካች የለም። ያቆመው ልጅ አይቀመጥም፣ የሌሎቹ ሩጫ እስኪያልቅ ከመስመሩ ጎን ባለው መንገድ ላይ በራሱ ፍጥነት እየተራመደ ይቀጥላል፣ ስለዚህ ከሩቅ የሚያይ ሰው ማን እንዳቆመ አይለይም። ሲያልቅ ቆጣሪው ቁጥሩን ትንሽ ወረቀት ላይ ጽፎ አጥፎ ለሯጩ ይሰጠዋል፣ ሯጩ ለኔ ያመጣል። ጮክ ብሎ የሚነበብ ነገር የለም። ይሄን ካደረግኩ በኋላ እነዛ ተያይዘው የሚወጡት ሴቶች ቀሩ ማለት ይቻላል።

የማቆሚያውን ህግ ደግሞ አንድ አድርጉት። አንዳንዱ ድምጽ ላይ ሁለት ጊዜ በተከታታይ መስመሩ ላይ ካልደረስክ ያበቃል ነው፣ ሌላው ላይ በተከታታይ ባይሆንም ሁለተኛው ያበቃል። ሁለቱም ይሰራሉ፣ ግን ጥቅምት ላይ በአንዱ ሚያዝያ ላይ በሌላው ከሰራህ ቁጥሩ አይገናኝም። ድምጹም እንደዛው፣ በ8 የሚጀምር አለ፣ በ8.5 የሚጀምር አለ፣ ስልካችሁ ላይ ያለውን ፋይል አንድ ጊዜ በሰአት ፈትሹት፣ ሌቭሉ በየ60 ሰከንዱ ገደማ መቀየር አለበት፣ ከቸኮለ ወይ ከዘገየ ፋይሉ ተበላሽቷል።

አንድ ነገር በጭራሽ እንዳትዘሉ፣ ከቴስቱ በፊት ብቻ ለብቻ ጠይቁ። አስም ያለበት፣ ሲሮጥ ደረቱን የሚያመው፣ ራሱን ስቶ የሚያውቅ፣ ልብ ህመም አለብህ ተብሎ ጤና ጣቢያ የሚከታተል ልጅ ይሄን ቴስት እስከ ጥግ መሮጥ የለበትም። ሩማቲክ የልብ ህመም አገራችን ውስጥ በልጆች ላይ ያለ ነገር ነው፣ "ሰነፍ ነው" ያልነው ልጅ ልቡ ታሞ ሊሆን ይችላል። ሌላው ሁሉ ሲሻሻል አንድ ልጅ በጣም ቀድሞ እያቆመ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም እግሩ ካበጠ ቁጥር መጻፉን ትታችሁ ወላጁን ጥሩና ጤና ጣቢያ ላኩት።

ሲት ኤንድ ሪች ላይ አጠር ላድርግ። ይሄ ቁጭ ብሎ እግርን ዘርግቶ ወደፊት መድረስ ነው፣ ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ቴስት ነው። ሳጥኑን አናጺ ያሰራልናል፣ ችግሩ እዛ ይጀምራል። አንዱ ሳጥን ላይ የእግር መዳፍ የሚያርፍበት ቦታ 15 ሴንቲ ሜትር ተብሎ ይጻፋል፣ ሌላው ላይ 23፣ ሌላው ላይ 26። ከጣቶቹ 4 ሴንቲ ያለፈ አንድ ልጅ በመጀመሪያው ሳጥን 19፣ በሁለተኛው 27፣ በሶስተኛው 30 ያመጣል። ሰንጠረዡን ስታወርዱ በየትኛው ሳጥን እንደተሰራ ካላያችሁ 27 ያመጣውን ጎበዝ፣ 19 ያመጣውን ደረቅ ትላላችሁ፣ ሁለቱም ግን አንድ ልጅ ነው።

ከዛ ደግሞ የልጁ አካል አለ። ድንገት ቁመት የሚጥልበት እድሜ ላይ እግር ከወገብ በላይ ካለው ቀድሞ ይረዝማል፣ ያ ልጅ ጅማቱ ምንም ሳይሆን ካለፈው አመት ያነሰ ይደርሳል። እግሩ አጭር እጁ ረጅም የሆነው ደግሞ ምንም ሳይለፋ ይበልጠዋል። ይሄን ለማስተካከል የሚቻለው ልጁ ጀርባውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ እጁን ዘርግቶ የጣቱ ጫፍ የደረሰበትን ዜሮ አድርጎ ከዛ ምን ያህል ወደፊት እንደሄደ መለካት ነው። ቴስቱ የሚለካው ደግሞ በዋናነት የጭን ጀርባ ጡንቻን ነው፣ የወገብን ጤና አይነግራችሁም። በ2012 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የህክምና ኢንስቲትዩት የልጆችን የፊትነስ ቴስቶች ሲመረምር ተለጣጭነትን ከጤና ጋር የሚያገናኝ በቂ ማስረጃ አላገኘም። ስለዚህ እኔ ማርክ አልሰጥበትም። ልጆቹ ሳይሞቃቸው አንዴ፣ ከአስር ደቂቃ ሩጫና ማፍታታት በኋላ አንዴ ለክተው ልዩነቱን ራሳቸው እንዲያዩ ነው የምጠቀምበት፣ ለምን ማሟሟቅ እንደሚያስፈልግ ከኔ ንግግር በላይ ያ ሁለት ሶስት ሴንቲ ሜትር ያስተምራቸዋል።

በነገራችን ላይ ጫማ ይወለቃል እዚህ ቴስት ላይ። አንዴ አንድ ልጅ አላወልቅም ብሎ ድርቅ አለብኝ፣ ተቆጣሁት፣ በኋላ ሲያወልቅ ካልሲው ተረከዙ ላይ ሙሉ በሙሉ የለም። ከዛ ወዲህ ሁሉም ባዶ እግሩን ነው የሚሰራው፣ ካልሲም ጫማም ክፍል ውስጥ ይቀራል። ሴቶቹን ደግሞ ወንዶቹ ከኋላ ቆመው እያዩ ጎንበስ እንዲሉ ማድረግ አይገባም፣ ለብቻቸው፣ በሴት ቆጣሪ፣ ሱሪ ከጉርዱ ስር ለብሰው ይምጡ ብለን ከአንድ ሳምንት በፊት እንንገራቸው።

ለልጁ ምን ይባላል? እኔ ያቺን ልጅ ብቻዋን ሜዳ ላይ ስንራመድ ነው የነገርኳት። "የመጀመሪያው ቀን ስህተቱ የኔ ነበር፣ መስመሩን በሜትር አልለካሁትም። አሁን 21 ዙር ሮጠሻል፣ የምታወዳድሪው ከዚህ ከ21 ጋር ብቻ ነው። እስከሚቀጥለው ቴስት ምን መሞከር ትፈልጊያለሽ?" እሷም "ከወንድሜ ጋር ጠዋት መሮጥ" አለች። አብሽሪ ብያት ተለያየን። "ደካማ ነሽ" "ከአማካይ በታች" አላልኳትም፣ አማካይ ማለት ግማሽ ያህሉ ልጅ ሁሌም ከታቹ የሚሆንበት ነገር ነው፣ ሁሉም ቢሻሻል እንኳ ግማሽ ያህሉ ከታች ነው። ለወላጅ የምልከውም ወረቀት ሶስት መስመር ነው፦ ልጅዎ በጥቅምት ይህን ያህል፣ በሚያዝያ ይህን ያህል ዙር ሮጧል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ይህን ልምምድ ሲሰራ ነበር፤ ቤት ውስጥ ሲሮጥ የሚያመው ነገር ካስተዋሉ ይንገሩኝ። የክፍል ደረጃ የለበትም፣ የሌላ ልጅ ስም የለበትም፣ ክብደት የለበትም።

እንግዲህ ከትምህርት ጽ/ቤቶች የምለምነው ይሄን ነው። የፊትነስ ቴስት ውጤት ወደ ሮስተር እንዳይገባ ይከልከልልን፣ ማርኩ ልጁ ቢፑን ተከትሎ መሮጥ ማወቁ፣ ለጓደኛው በትክክል መቁጠሩ፣ የራሱን እቅድ መጻፉ ላይ ይሁን። ትምህርት ቤቶችን በሻትል ራን አማካይ አታወዳድሩን፣ ሪፖርት ካስፈለገ ስንት ልጅ ሁለቱንም ጊዜ ተፈትኗል፣ ስንቱ ከራሱ ተሻሽሏል የሚለውን ጠይቁን። የመለኪያ ፎርሙ ላይ የሜዳው ርዝመት በሜትር መለካቱ፣ የድምጹ መነሻ ፍጥነት፣ የማቆሚያው ህግ፣ ሰአቱና ቦታው የሚጻፍበት ቦታ ይኑር፣ ያለዛ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ አይቻልም። ቀኑን ስታወጡ ደግሞ ሮመዳንና ሁዳዴን አይታችሁ አውጡ፣ ሁለቱ ጾሞች በተገናኙበት አመት የካቲትና መጋቢት ላይ ክፍሉ ሁሉ ጾመኛ ነው፣ የኔ ሀሳብ ጥቅምት መጨረሻና ሚያዝያ ነው፣ ጠዋት።

ከርዕሳነ መምህራን ደግሞ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው፣ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ ባለ 30 ሜትር ሜትር፣ እና የሚኒሚዲያው ስፒከር ለሁለት ቀን።

ያቺ ልጅ አሁን 9ኛ ክፍል ነች፣ ሌላ ትምህርት ቤት። ባለፈው ገበያ ላይ አገኘኋትና "ቲቸር አሁንም በእርምጃ ነው የምትለካው?" አለችኝ። ሜትሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ አውጥቼ አሳየኋት።

ከአክብሮት ጋር፣
የስፖርት መምህር፣ ደሴ ዙሪያ